ከገለጻው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

የሥራ ዕቅዱን ለባለሀብቶች ያቀረበ ሰው የመጨረሻውን ስላይድ ሲዘጋ ዋናው ፈተና ገና ይጀምራል። ልምድ ያለው ባለሀብት ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አይጠይቅም፤ ሌላው ሁሉ የቆመበትን አንድ ቁጥር ፈልጎ እሱን ይነቀንቃል። ተዘጋጅቶ መግባት ማለት ያንን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ እርጎ የሚያመርት አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። አንዱን ኩባያ ለሱቆች በ60 ብር ያስረክባል። ወተቱ፣ ማሸጊያውና ማጓጓዣው 45 ብር ይፈጃሉ፤ 15 ብር ይተርፋል። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት በወር 300,000 ብር ከሆነ፣ 20,000 ኩባያ ሲሸጥ ወጪው ይሸፈናል። ዕቅዱ በዓመቱ መጨረሻ በወር 40,000 ኩባያ እንደሚደርስ ይናገራል። በወረቀት ላይ ያምራል።

«ቀኑ አልፎበት የሚመለሰው ስንት ነው?»

ከ100 ኩባያ 10 ቢመለስ የሚገባው 5,400 ብር ብቻ ነው፤ 4,500 ብሩ ግን አስቀድሞ ወጥቷል። በእያንዳንዱ የተመረተ ኩባያ የሚተርፈው ከ15 ወደ 9 ብር ይወርዳል፤ ወጪ ለመሸፈን የሚያስፈልገው ምርትም ከ33,000 ያልፋል። የተመለሰው ከመቶ አሥር ብቻ ሆኖ ሳለ ትርፉ በአርባ በመቶ ቀነሰ። ጥያቄው አቅራቢውን የሚያስደነግጠው ይህን ሒሳብ ቤቱ ሳለ ካልሠራው ነው።

ሁለተኛው ከባድ ጥያቄ 40,000 ከየት እንደመጣ ነው። ድርጅቱ ዛሬ ለ60 ሱቆች 12,000 ኩባያ የሚያቀርብ ከሆነ አንዱ ሱቅ በወር 200 ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ 200 ሱቅ፣ ማለትም 140 አዲስ ደንበኛ ያስፈልጋል። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በወር 6 ሱቅ ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ሁለተኛ ሠራተኛ ካልተቀጠረ ዕቅዱ አይደርስም፤ የእሱ ደመወዝ ደግሞ ወጪው ውስጥ መግባት አለበት። «ገበያው ሰፊ ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪም ይጠየቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማሸጊያው ከውጭ የሚገባ ከሆነና ዋጋው ከ10 ወደ 18 ብር ከወጣ፣ የኩባያው ትርፍ ወደ 7 ብር ያሽቆለቁላል። ያኔ፣ ምንም ባይመለስ እንኳ፣ ወጪ ለመሸፈን ወደ 43,000 ኩባያ ያስፈልጋል፤ ይህም የዓመቱ መጨረሻ ዕቅድ ራሱ ከያዘው ይበልጣል።

ዝግጅቱ ቀላል ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል። ኤክሴሉ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ እያበላሹ ሌላውን እንዳለ መተውና የትኛው ዕቅዱን ቶሎ እንደሚጥለው ማየት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አስጊ ቁጥር ምንጩንና መከላከያውን መጻፍ ይከተላል፦ የተመላሽ መዝገቡን፣ የማሸጊያ ደረሰኙን፣ ዋጋው ቢጨምር በስንት ብር ሊሸጥ እንደታሰበና የትኞቹ ሱቆች በዚያ ዋጋ እንደሚቀበሉ። መዝገብ የሌለው ቁጥር ከተጠየቀ ግምት መሆኑን መናገር፣ መረጃው የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ መስጠትና በዚያ ቀን መላክ ይሻላል። መድረክ ላይ በድንገት የተፈጠረ ቁጥር በኋላ ሰነድ ሲመረመር ይገኛል፤ ያኔ ባለሀብቱ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮችም መጠራጠር ይጀምራል።