ተረከዝ ላይ የቋጠረ ውሃ፦ ይፍረጥ ወይስ ይቆይ?

የእህቴ ልጅ ለጓደኛዋ ሰርግ ሚዜ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ጫማዋን ተጫምታ ለሽር ጉዱ ስትወጣ ደህና ነበረች፤ ወደ ማታ ቤት የገባችው ግን ቀኝ እግሯን እየጎተተች ነው። ጫማዋን ስታወልቅ፣ የጫማው የኋላ ጠርዝ በሚያርፍበት በኩል ተረከዟ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ውሃ ቋጥሯል። እህቴ መርፌ ፍለጋ ተነሣች። እናቴ ደግሞ «ተይው ልጄ፣ አትንኪው፤ ሲቆይ ራሱ ይደርቃል» ብላ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

መልሱ የሚገኘው ውሃው የት እንደተቀመጠ ሲታወቅ ነው። ብዙዎቻችን ጫማው ቆዳችንን ከላይ ስለሚፍቀው ውሃ የሚቋጥር ይመስለናል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከውስጥ ነው። አንድ ጣትዎን በሌላው እጅዎ ጀርባ ላይ ጫን ያድርጉና ሳያንሸራትቱ ወዲህና ወዲያ ያንቀሳቅሱት። ቆዳው ጣትዎን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ንቅንቅ አይልም። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ይሳባል፣ ይመለሳል። ስንራመድም እንዲሁ ነው። ካልሲውና ጫማው ቆዳውን ይዘውት ይቀራሉ፤ የተረከዝ አጥንት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። አዲስ ጫማ የኋላ ግድግዳው ገና ስላልለሰለሰ ከእግር ጋር አይታጠፍም፤ መሳሳቡን ያባብሰዋል። ላብ ሲጨመርበት እርጥቡ ቆዳ ከካልሲው ጋር የባሰ ይጣበቃል።

ይህ መሳሳብ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም የላይኛው የቆዳ ክፍል እንደ ወረቀት ለሁለት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚፈጠረው ከላይም ከታችም ሳይሆን በክፍሉ መሐል ላይ ነው። የተረከዝ ቆዳ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ የላዩ ግማሽ ሳይቀደድ ጣሪያ ሆኖ ይቀራል፤ በተከፈተው ቦታ ላይ ከአካባቢው የሚሰርግ ፈሳሽ ይገባል። ፈሳሹ ከደም ውሃማ ክፍል ጋር ይመሳሰላል፣ ፕሮቲኑ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ «ቆሻሻ ውሃ ነው፣ ይውጣ» የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

ከስንጥቁ በታች ደግሞ አዲስ ቆዳ የሚያበቅለው የሴሎች ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይተርፋል። ውሃ ከቋጠረ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ሲሞላው እነዚህ ሴሎች ለጥገና የሚሆናቸውን መሰብሰብ ይጀምራሉ። በ24 ሰዓት መከፋፈላቸው ይፈጥናል፤ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ጠንካራው የላይኛው ሽፋን እንደገና ተሠርቶ ይታያል። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በዚያ በሞተው ጣሪያ ሥር ነው። ጣሪያው ከተነሣ ገና ያልተሸፈነው ቀዩ ሥጋ ይጋለጣል፤ ያቃጥላል፣ ይደርቃል፣ ጀርምም መግቢያ ያገኛል። ፋርማሲ ከሚሸጠው ፋሻ ሁሉ የሚበልጠው ሽፋን ይኸው የራሳችን ቆዳ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይቀልላል፤ መጠበቅ ያለበት ጣሪያው ነው። የቋጠረው የምስር ፍሬ የሚያክል ከሆነና ካላሳመመ የእናቴ ምክር ትክክል ነው፦ ይታጠባል፣ በፕላስተር ይሸፈናል፣ አይነካም፤ ውሃውን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። የእህቴ ልጅ ተረከዝ ላይ ያለው ግን ትልቅ ነበር፤ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ጣት ሲነካው ትጮኻለች፣ በማግስቱም ጫማ ሊጫነው ነው። እንዲህ ያለው ጫማ ውስጥ በራሱ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም ጣሪያው ተገፍፎ ይሄዳል። ስለዚህ በንጹሕ እጅ አስቀድሞ ማስተንፈሱ ይሻላል።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ተረከዟንም አጠብኩት። ከፋርማሲ ያስመጣሁትን ያልተከፈተ የሲሪንጅ መርፌ ተጠቀምኩ። የልብስ መርፌ ብቻ ያለው ሰው በአልኮል በደንብ ይጥረገው፤ በክብሪት ማጋየት ጥላሸት ይተዋል። መርፌውን መሐሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ፣ ውሃው በሚያዘቀዝቅበት በታችኛው በኩል፣ በጎን አስገባሁት፤ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ በቃ። ጣሪያው ላይ ስለሆነ አላመማትም። በንጹሕ ጎዝ ቀስ ብዬ ስጫነው ጥርት ያለ ውሃ ወጣና ቆዳው ሥሩ ካለው ጋር ተኛ። ስስ ቫዝሊን ቀባሁት፣ በጎዝ ሸፍኜ በፕላስተር ያዝኩት። ክር አስገብቶ የሚተው ሰው አለ፤ እኔ አልመክረውም፣ ክሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ለጀርም መንገድ ይሆናልና።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ስናየው ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ሞልቷል። የእህቴ ልጅ ደነገጠች፤ ነገር ግን ይህ የተለመደ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ሙከራ ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ጣሪያው ከታች ካለው ጋር በደንብ የተጣበቀው ውሃው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲወጣ ነበር። እኛም ማታና በማግስቱ ጠዋት በአዲስ መርፌ ደገምነው።

የማይነኩም አሉ። በውስጡ ደም ያለው ከሆነ ስንጥቁ ወደ ደም ሥር ወርዷል ማለት ነውና ይተው። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የመጣ ቋጠሮ ሌላ ጉዳይ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም የእግሩ ደም ዝውውር የደከመ ሰው ደግሞ ራሱ መርፌ ማንሣት የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መመረዙን በምን እናውቃለን? መጻሕፍቱ «መቅላት» ይላሉ፤ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላው ተረከዝ ጋር ያስተያዩ። ሕመሙ በሁለተኛው ቀን መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ጥርት ያለው ውሃ ወደ መግል ከተለወጠ፣ እብጠቱ ወደ ቁርጭምጭሚት ከተዛመተ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1924 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካልቪን ኩሊጅ የ16 ዓመት ልጅ ያለ ካልሲ ቴኒስ ተጫውቶ የእግሩ ጣት ውሃ ቋጠረ። ጀርሙ ወደ ደሙ ገባ፤ ልጁ ከጨዋታው በሳምንቱ ሞተ። ያኔ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ለደረሰ ነው።

እሑድ የእህቴ ልጅ ለፎቶው ብቻ አዲሱን ጫማ አድርጋ ቀሪውን በነጠላ ጫማ ጨፈረች። ግራ ተረከዟ ላይም ሙቀት ሙቀት ይላት ስለነበር ውሃ ሳይቋጥር የወረቀት ፕላስተር ለጠፍንበት፤ አልቋጠረም። ሐሙስ ጎዙን ስንፈታ የቀኙ ጣሪያ ደርቆ ዳሩ ተነሥቶ ነበር። ልትላጠው ስትል ከለከልኳት፤ የተነሣውን ዳር ብቻ በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩላትና የተጣበቀውን ተውነው። ቅዳሜ ገላዋን ስትታጠብ በራሱ ወደቀ፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ስስና ፈካ ያለ ነበር፣ ስንጫነው ግን አላመማትም።