በካርድ ሂሳብ መግለጫ ላይ በየወሩ የሚታይ የማይታወቅ ክፍያ ሲያጋጥም ለባንክ የሚቀርብ የቅሬታ ደብዳቤ አዘገጃጀት

የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያላቸው ወይም ለጉዞና ለትምህርት ክፍያ ዓለም አቀፍ ካርድ የወሰዱ ደንበኞች ቁጥራቸው ከፍ እያለ ሲመጣ፣ ደንበኛው በማያስታውሰው ድርጅት ስም በየወሩ ተመሳሳይ መጠን ከካርዱ ተቀንሶ መገኘቱም እየተለመደ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ በወላይታ ሶዶ ከተማና በዞኑ ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች እንዲህ ያለ ክፍያ ሲያጋጥማቸው ለባንካቸው የሚያቀርቡት ደብዳቤ ምን መያዝ እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ያብራራል። ከስልክ የአየር ሰዓት ላይ በአጭር ቁጥር አገልግሎት የሚቆረጥ ገንዘብ የባንክ ጉዳይ ባለመሆኑ ለቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው የሚቀርብ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የወላይታ ሶዶ ነዋሪ መምህርት በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የቪዛ ካርዳቸውን መግለጫ ሲመለከቱ ሦስት ጊዜ 9.99 ዶላር ተቀንሶ አገኙ እንበል። ቀኖቹ ጥር 6፣ የካቲት 7 እና መጋቢት 5 ናቸው። የተከፋዩን ስም ከዚህ በፊት ሰምተውት አያውቁም። በዚህ ጊዜ ብዙ ደንበኞች በቀጥታ «ካርዴ ተሰርቋል» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያበላሽ አጻጻፍ ነው።

በመግለጫው ላይ የሚታተመው ስም ደንበኛው ከሚያውቀው የድረ ገጽ ስም ሊለይ ይችላል። በስልክ መተግበሪያ መደብር በኩል የተፈጸመ ክፍያ፣ ለምሳሌ, በመተግበሪያው ስም ሳይሆን APPLE.COM/BILL ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ከመጀመሪያው ክፍያ ሁለትና ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሄዶ አነስተኛ ክፍያ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ቀጥሎም የኢሜይል ሳጥንን በዚያው ቀን መፈለግ ይገባል። በቤት ውስጥ ስልኩን የሚጠቀሙ ልጆችንና ታናናሽ ወንድምና እህቶችን መጠየቅም ያስፈልጋል። መምህርቷ ይህን ሲያደርጉ ታኅሣሥ 22 ቀን 1 ዶላር መከፈሉን አገኙ። በዚያ ቀን ለትምህርት ዕድል የሚልኩትን ሰነድ ወደ ሌላ ቅርጽ ለመቀየር አንድ ድረ ገጽ ተጠቅመው ነበር። አንዱ ዶላር ለ14 ቀን ሙከራ የተከፈለ ሲሆን፣ ሙከራው ሲያበቃ በየወሩ 9.99 ዶላር መቆረጥ ጀምሯል።

እዚህ ላይ የቅሬታው ዓይነት ይለወጣል። ደንበኛዋ «ይህን ድርጅት ፈጽሞ አላውቀውም» ቢሉ፣ ድርጅቱ የተመዘገቡበትን ኢሜይልና ሰዓት አቅርቦ ቅሬታውን በቀላሉ ያስጥላል፤ ባንኩም ካርዱን እንደተሰረቀ ቆጥሮ ከመዝጋት ያለፈ ነገር ላይሠራ ይችላል። እውነተኛው ቅሬታ ግን ጠንካራ መሠረት አለው። ቪዛ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በሙከራ የሚጀምር ወርሃዊ ክፍያ የሚያስከፍል ድርጅት ደንበኛው በግልጽ እንዲስማማ ማድረግ፣ ሙከራው አብቅቶ ክፍያ ከመጀመሩም ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ የመሰረዣ መንገድ ያለበት ማስታወሻ መላክ ይጠበቅበታል። መምህርቷ በኢሜይላቸው ውስጥ፣ የማይፈለጉ መልእክቶች በሚገቡበት ክፍል ጭምር ፈልገው ይህን ማስታወሻ አላገኙም።

ቀጣዩ ተግባር ምዝገባውን በድረ ገጹ ላይ መሰረዝና የስረዛውን ማረጋገጫ ማስቀመጥ ነው። መምህርቷ መጋቢት 8 ቀን ሰርዘው በማግስቱ የሚከተለውን ደብዳቤ ለቅርንጫፉ አስገቡ።

«ለ......... ባንክ ወላይታ ሶዶ ቅርንጫፍ
ወላይታ ሶዶ
ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 18/03/2025)

ጉዳዩ፦ በቪዛ ካርዴ ላይ ያለ ስምምነቴ የተፈጸሙ ሦስት ወርሃዊ ክፍያዎች እንዲመለሱልኝና ቀጣይ ክፍያ እንዲታገድ ስለመጠየቅ

የመጨረሻ አራት አሃዙ ......... በሆነው ካርዴ ላይ እ.ኤ.አ. በ14/01/2025፣ በ14/02/2025 እና በ14/03/2025 እያንዳንዳቸው 9.99 ዶላር፣ በድምሩ 29.97 ዶላር ......... በሚል ስም ተቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ31/12/2024 የተከፈለውን 1 ዶላር እኔው የፈቀድኩት በመሆኑ በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሆኖም ሙከራው ወደ ወርሃዊ ክፍያ እንደሚለወጥ በግልጽ አልተነገረኝም፤ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊትም ምንም ማስታወሻ አልደረሰኝም። ምዝገባውን እ.ኤ.አ. በ17/03/2025 ሰርዣለሁ።

ስለሆነም ባንኩ በካርድ ሥርዓቱ በኩል ቅሬታዬን አቅርቦ ገንዘቡ እንዲመለስልኝ፣ ከዚሁ ድርጅት የሚመጣ ቀጣይ የክፍያ ጥያቄ እንዲታገድልኝና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። የሂሳብ መግለጫና የስረዛ ማረጋገጫ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉት መግለጫው የሚያሳየው በዚያ በመሆኑ ነው። «የካቲት 7» ብቻ ተጽፎ ቢሆን፣ ጉዳዩን በዋናው መሥሪያ ቤት የሚመለከተው ሠራተኛ ሲለውጠው አንድ ቀን ቢስት ክፍያው አይገኝም። የተከፋዩም ስም ወደ አማርኛ ሳይቀየር በመግለጫው ላይ በታተሙት የላቲን ፊደላት፣ ከኮከቡና ከቁጥሩ ጋር ይገለበጣል። በአንጻሩ ሙሉው የካርድ ቁጥር፣ የምሥጢር ቁጥሩና በካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አሃዞች በደብዳቤው ላይ አይጻፉም። ቅሬታውን ለመመርመር ስለማያስፈልጉ ማንም ቢጠይቅ አይሰጡም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ በቅርንጫፉ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ተረጋግጦ በደንበኛው እጅ ይቀራል። ባንኩ የራሱ የቅሬታ ቅጽ ካለው ቅጹ ተሞልቶ ደብዳቤው ይያያዛል። ከቦዲቲ፣ ከአረካ ወይም ከሌላ ከተማ የሚመጡ ደንበኞች ካርዱ የወጣበት ቅርንጫፍ መቀበል እንዳለበት አስቀድመው በስልክ ቢጠይቁ መመላለስን ይቀንሳል። ጉዳዩ ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያም በቪዛ በኩል ለድርጅቱ ባንክ ይቀርባል። ድርጅቱ መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን ስላለው ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም።

የጊዜ ገደቡ ግን በደንበኛውም ላይ ይሠራል። በቪዛ ደንብ ለእንዲህ ዓይነት ቅሬታ በአብዛኛው የሚፈቀደው 120 ቀን ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ክፍያ ጊዜ ለየብቻ ይቆጠራል። በምሳሌው የጥሩ ክፍያ ግንቦት 6 ቀን ላይ ያበቃለታል፤ የየካቲቱ አንድ ወር ያህል ይተርፈዋል። ባንኩ ሰነዱን ለማዘጋጀት ጊዜ ስለሚወስድ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚቀርብ ደብዳቤ ቢቀበሉትም ላይደርስ ይችላል። በባንኩ የካርድ ውል ውስጥ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ተወስኖ እንደሆነም መመልከት ያስፈልጋል።

ካርዱን ማስቀየር ብቻውን ክፍያውን አያስቆምም። የካርድ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥር ለተመዘገቡ ነጋዴዎች የሚያስተላልፉበት አሠራር ስላላቸው፣ በአሮጌው ካርድ የተጀመረ ወርሃዊ ክፍያ በአዲሱ ላይ ሊቀጥል ይችላል። በደብዳቤው ውስጥ የእገዳ ጥያቄው ለብቻው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። መምህርቷም ሚያዝያ 6 ቀን መግለጫውን ደግመው ማየት ይኖርባቸዋል፤ ከስረዛው በኋላ አራተኛ 9.99 ዶላር ተቀንሶ ከተገኘ፣ ስረዛውን የሚያሳየው ኢሜይል ብቻውን በቂ ማስረጃ የሚሆንበት አዲስ ቅሬታ ይሆናል።

ባንኩ ሳይመልስ ከቀረ ወይም የሰጠው መልስ አጥጋቢ ካልሆነ፣ በማኅተም የተረጋገጠው ቅጂ ተያይዞ በመጀመሪያ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ይቀርባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር FCP/01/2020 ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚፈቱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። በዚህ ደረጃ ያልተፈታ ጉዳይ ከባንኩ የተጻፈው መልስ ወይም መልስ ያልተሰጠበት ደብዳቤ ቅጂ ተያይዞ ለብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል።