በቻይንኛ የሚያስጠነቅቅ መኪና

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተሰማ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ መልኩ ተቀይሯል። ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገኑ አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ሌላም ስሙን ገና ያልለመድነው የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ ይታያል። ከእነዚህ ከፊሎቹ ለውጭ ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሌሎቹ ግን የተሠሩት ለቻይና ነዋሪ ነው፤ አይዲ 6 ለምሳሌ ቮልስዋገን እዚያው ቻይና ለቻይና ገዢዎች ያመረተው ሞዴል ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የተረከበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው “እንግሊዝኛ ይሆናል?” ብሎ ነው። ሻጩም “ይሆናል” ይላል። የትኛው ስክሪን እንደሆነ ግን ገዢም አይጠይቅ፣ ሻጭም አይናገር።

ስክሪኖቹ ሁለት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠራቸው ሶፍትዌርም የተለያየ ነው። መሃል ላይ ያለው ሰፊው ስክሪን ሙዚቃውን፣ የኋላ ካሜራውን፣ ኤሲውንና ስልኩን ይይዛል። ከመሪው ጀርባ ያለው ትንሹ ደግሞ ፍጥነትን፣ የቀረውን ቻርጅና ማስጠንቀቂያዎችን ያሳያል። የፍሬኑ፣ የባትሪውና የመሪው መቆጣጠሪያዎች አንድ ነገር ሲበላሽባቸው ለዳሽቦርዱ የሚልኩት ጽሑፍ ሳይሆን ኮድ ነው። ኮዱን ወደ ዓረፍተ ነገር የሚለውጠው ራሱ ዳሽቦርዱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ፋብሪካ ውስጥ ተጭነውበት የመጡ ናቸው። ከእነሱ መካከል እንግሊዝኛ ከሌለ፣ የመሃሉ ስክሪን ፈረንሳይኛም ይናገር እንግሊዝኛ፣ “ፍሬንህ ተበላሽቷል” የሚለው መልእክት በቻይንኛ መምጣቱ አይቀርም። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያስቀይሩት የሙዚቃውን ስክሪን ነው፤ ሕይወት ያለበት ግን ከመሪው ጀርባ ነው።

ወደ ባለሙያ ከመሄድ በፊት ግን ራስን መሞከር ያዋጣል፤ አንዳንዱ መኪና እንግሊዝኛው ውስጡ እያለ ማንም አልከፈተውም። መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ አንዳንድ ማውጫዎች መኪናው እየሄደ አይከፈቱም። መሃሉ ስክሪን ላይ ጥርስ ያለው ክብ ምስል ይፈልጉ። አጠገቡ 设置 የሚል ጽሑፍ ካለ ማስተካከያው እሱ ነው። እሱን ሲከፍቱ በጎን ወይም በላይ ከተደረደሩት ርዕሶች ውስጥ 系统 የሚለውን ይጫኑ፤ የመኪናውን አጠቃላይ ሥርዓት የሚመለከተው ክፍል ነው። በዚያ ውስጥ 语言 ቋንቋ ማለት ነው። አጠገቡ የዓለም ሉል ወይም A እና 文 ጎን ለጎን የተጻፉበት ምስል ካለ ደግሞ ፍለጋው ይቀላል። የቋንቋዎቹ ዝርዝር እያንዳንዱን በገዛ ፊደሉ ስለሚያስቀምጥ English የሚለው ካለ ዓይን አይስተውም። ከነኩት በኋላ መኪናው እርግጠኛ መሆንዎን ይጠይቃል፤ 确定 እሺ ነው፣ 取消 ደግሞ ይቅር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በዚያው 系统 በሚለው ክፍል ውስጥ 恢复出厂设置 የሚል ረጅም ጽሑፍ ይገኛል። መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ማስተካከያ ከሚለው ጋር አንድ ስለሆኑ የለመዱት ይመስላል። ትርጉሙ ግን “ሁሉንም ከፋብሪካ እንደወጣ መልስ” ነው። የተጫነውን እንግሊዝኛ፣ የተያያዘውን ስልክ፣ የተመዘገበውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። በድንገት ከነኩት 取消 የሚለውን ፈልጎ መውጣት ነው።

እንግሊዝኛ ከዝርዝሩ ከሌለ ሶፍትዌር የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በነባሩ ሥርዓት ላይ እንግሊዝኛ ገጽታና አፕሊኬሽኖች መደረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመሃሉን ስክሪን ሶፍትዌር ከሥሩ መለወጥ ነው። የቱ እንደተሠራልዎ ለማወቅ ወደ ማስተካከያው ሦስት አራት ገጽ ዘልቀው ይግቡ። የፊቱ ገጽ እንግሊዝኛ ሆኖ ውስጡ ወደ ቻይንኛ ከተመለሰ፣ በሩን ቀብቶ ግድግዳውን እንደመተው ነው። ይህ በራሱ መጥፎ ሥራ አይደለም፤ ለሙዚቃና ለስልክ ይበቃል። ዋጋው ግን እንደዚያው መሆን አለበት። ሁለቱም ዓይነት ሥራ የፋብሪካው ማሻሻያ ሲመጣ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ከስልክዎ ኢንተርኔት ጋር አገናኝተው 升级 የሚል መልእክት ብቅ ካለ፣ ሶፍትዌሩን የጫነውን ባለሙያ ሳይጠይቁ እሺ አይበሉ። ከመሪው ጀርባ ያለውን ዳሽቦርድ ሶፍትዌር “እኔ እለውጥልሃለሁ” የሚል ሰው ካጋጠመዎ ደግሞ በዚያው ሞዴል ላይ ከዚህ በፊት የሠራውን መኪና እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። መሃል መንገድ የሞተ ዳሽቦርድ ቻይንኛ ከሚጽፈው በጣም የከፋ ነው። እኔ ብሆን ካላየሁ አላስነካም።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ዳሽቦርዱን አናግሩት። መኪናው ቆሞ፣ በርቶ፣ ፒ ላይ እንዳለ የሾፌሩን በር ይክፈቱ፤ ቀበቶውንም ይፍቱ። ቀጥሎ ቁልፉን ለጓደኛዎ ሰጥተው በሮቹ እንደተዘጉ ራቅ ብሎ እንዲሄድ ያድርጉ። መኪናው ብዙ ጊዜ ቁልፉ እንደሌለ በጽሑፍ ይነግርዎታል። ምንም ጉዳት የሌላቸው መልእክቶች ናቸው፤ የሚወጡበት ቋንቋ ግን የፍሬኑም መልእክት የሚወጣበት ነው።

ዳሽቦርዱ በቻይንኛ ከቀረም ማስጠንቀቂያ ማንበብ አይከብድም። ቀለሙና ምስሉ ቋንቋ አያስፈልጋቸውም፤ አብዛኞቹ ምስሎች በዓለም አቀፍ መስፈርት የተወሰኑ ናቸው። ቀይ ማለት አሁኑኑ፣ ቢጫ ማለት በቅርቡ ይታይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ነገር በርቷል ማለት ነው። የተከፈተ በርና ያልታሰረ ቀበቶም በቀይ ይመጣሉና ቀይ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ቢጫ ኤሊ ካዩ መኪናው ጉልበቱን ቀንሷል፤ ቻርጁ ሲያልቅ ወይም ባትሪው ከልክ በላይ ሲሞቅ ያመጣዋል።

ጽሑፉ ሲጨመር ደግሞ አብዛኛው አንድ ዓይነት አሠራር አለው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻ ምን እንዲያደርጉ። ለምሳሌ ይህን እንይ፦

制动系统故障，请安全停车

制动 ፍሬን ነው፤ 系统 ቀድመን ያየነው ሥርዓት፤ 故障 ብልሽት። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለው 请 “እባክዎ” ማለት ነው፤ ትእዛዙ የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። 安全停车 ያለ አደጋ ያቁሙ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ማንበብ ቢያቅት እንኳ 请 የሚለውን ፈልጎ ከእሱ በኋላ ያለውን ማየት ይበቃል። 停车 ካለ መኪናው መቆም አለበት፤ 立即 ከታከለበት “አሁኑኑ” ብሎታል። 检查 ከሆነ የሚጠይቀው ምርመራ ነው፤ 尽快 ደግሞ በተቻለ ፍጥነት። ፍሬኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 制动 ከሚለው በፊት 驻车 ካለ የሚወራው ስለ እጅ ፍሬኑ ነው። አንዳንዴ “ልቀቀው” ብቻ ነው የሚልዎት።

ካሜራ ደቅነው በስልክ መተርጎምም ይቻላል። ኔትወርክ በሌለበት እንዲሠራ የቻይንኛውንና የእንግሊዝኛውን ጥቅል በጉግል ትራንስሌት ላይ አስቀድሞ ማውረድ ነው። መኪናው እየሄደ ከሆነ ፎቶውን የሚያነሳው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ይሁን። ይሁንና ትርጉሙ በአንድ ቦታ በተደጋጋሚ ያሳስታል።

እንበል፣ ጠዋት መኪናውን ሲያስነሱ 低压电池电量低 የሚል መጣ። ስልኩ “ባትሪ ዝቅተኛ” ብሎ ተረጎመው። ቻርጁን ሲያዩ ግን 80 በመቶ ነው። “መኪናው ተሳስቷል” ብለው ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ሲመለሱ በሩም አይከፈት፣ ስክሪኑም አይበራ። መኪናው አልተሳሳተም ነበር። 低压电池 የሚለው ስለ ትልቁ ባትሪ አይደለም፤ 低压 ዝቅተኛ ቮልት ማለት ነው፣ የሚወራውም እንደ ነዳጁ መኪና ስላለው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ባትሪው ማነሱን የሚናገረው ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው 低 ብቻ ነው። መኪናውን የሚያስኬደው ትልቁ ባትሪ ስሙ 动力电池 ነው።

ይህ ትንሽ ባትሪ በሩን፣ ስክሪኑንና ኮምፒውተሮቹን ይመግባል፤ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያም የሚዘጋው በእሱ ኃይል ነው። እሱ ፈጽሞ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም፤ ቻርጅ ማድረጊያ ቢሰኩበትም ላይቀበል ይችላል። መኪናው በርቶ ሲቆም ትልቁ ትንሹን ይሞላዋል፤ ስለዚህ መልእክቱን አይተው መኪናውን ሳያጠፉ ወደ ጋራዥ መንዳት በር ላይ ተቆልፎ ከመቅረት ያድናል። ከሞተም የሚያስፈልገው የ12 ቮልት እርዳታ ብቻ ነው፤ የመኪናው መመሪያ የሚያሳየው ቦታ ላይ ይሰጣል። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበት ቦታ የትልቁ ባትሪ ነው፤ ላልሠለጠነ እጅ አይነካም።

ከዚህ ሁሉ በላይ በብዛት የሚመጣው 胎压 የሚለው ነው፤ የጎማ ንፋስ። ከኋላው 过低 ካለ አንሷል፣ 过高 ካለ በዝቷል። እዚህ የሚያምታታው ቋንቋው ሳይሆን መለኪያው ነው። ስክሪኑ 250 ወይም 2.5 ብሎ ሲጽፍ ጎሚስታው “ስንት ላድርግልህ?” የሚለው ብዙ ጊዜ በፒኤስአይ ነው። 250 ኪሎፓስካል፣ 2.5 ባርና 36 ፒኤስአይ ማለት ይቻላል አንድ ናቸው። ትክክለኛው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ እዚያ ያለው kPa የሚል ከሆነ ቁጥሩን በ7 ገደማ ማካፈል ፒኤስአይውን ይሰጣል።

መልእክቱ ከስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ ማንሳትም ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ይጠፋሉ፣ ቢጫው መብራት ብቻ ይቀራል። ፎቶው ውስጥ ጽሑፉ፣ ምስሉና የተነዳው ኪሎሜትር አብረው ቢገቡ መካኒኩ ኮድ ከማንበቡ በፊት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። “አንድ ቢጫ ነገር በርቶ ነበር” ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ግን የምርመራውን ገንዘብ ከዜሮ ይከፍላል።