ከጾም ሰዓት በኋላ የሚመጣው ድካምና የማዕዳችን አሰናዳድ

በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚያበቃው ከቀትር በኋላ ነው። የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በዚያው ዕለት ሲጠራ አባላቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ ቀምሰው ይቀመጣሉ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የአንዳንዱ ዐይን ይከብዳል፤ ሌላው በቀላሉ ይቆጣል፤ ሒሳብ ይዞ የመጣው ገንዘብ ያዥም ቁጥሩን ደጋግሞ ያነባል። ብዙዎቻችን ይህን የጾሙ ድካም ነው እንላለን። ሆኖም ድካሙ የመጣው ሰው ከበላ በኋላ ስለሆነ፣ የተበላውን መመርመር ተገቢ ነው።

በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ስኳር በጠቅላላው 5 ግራም ያህል፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ ማንኪያ መጠን ነው። ሰው በሚጾምበት ሰዓት ጉበት ካከማቸው እያወጣ ይህን መጠን ይጠብቃል። አሁን ለስብሰባው የቀረበውን እንቁጠር። ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ 25 ግራም ያህል ስኳር ይይዛሉ። 100 ግራም የሚመዝን ነጭ የስንዴ ዳቦ ደግሞ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ስታርች አለው፤ ይህም በአንጀት ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ድምሩ 75 ግራም ነው። በሐኪም ቤት የስኳር በሽታን ለመመርመር በባዶ ሆድ የሚሰጠው የግሉኮስ መጠንም ይኸው 75 ግራም ነው።

ስኳሩ በደም ውስጥ በግማሽ ወይም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከፍ ይላል። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር አብዝቶ ይለቅና ስኳሩን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። አወጣጡ ፈጣን ሲሆን አወራረዱም ፈጣን ይሆናል፤ በአንዳንድ ሰዎችም ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ከመነሻው በታች ይወርዳል። ረኀብ፣ ድብታና መነጫነጭ የሚመጡት ያን ጊዜ ነው። ከረጅም ጾም በኋላ የሚበላው የመጀመሪያ ማዕድ ስኳርን ከሌላው ማዕድ ይልቅ ከፍ የማድረግ ጠባይ ስላለው፣ በዚህ ሰዓት የሚቀርበው ምግብ ምርጫ ይፈልጋል።

ምግቦች ስኳርን የሚያወጡበት ፍጥነት ግላይሴሚክ ኢንዴክስ በሚባል መለኪያ ይነጻጸራል። መለኪያውን በ1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በካናዳ ቶሮንቶ እነ ዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስ አወጡት። ንጹሕ ግሉኮስ 100 ይባላል፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላሉ። የእንጀራው ልኬት እንደ ዱቄቱና እንደ ቡኮው ይለያያል፤ የቡኮው ኮምጣጣነት ግን የምግቡን ከሆድ መውጣት ስለሚያዘገይ ይጠቅማል።

የእህሉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን አዘገጃጀቱም ፍጥነቱን ይለውጣል። ይህን በዋግ ደጋ በሚበቅለው ገብስ መረዳት ይቻላል። ቆሎ ሆኖ ሲቆረጠም ቅንጣቱ ስላልደቀቀ ቀስ ብሎ ይፈጫል። በሶ ሆኖ በስኳር ውኃ ሲበጠበጥ ግን ያው ገብስ ፈጥኖ ይገባል። በጨውና በበርበሬ፣ በጥቂት የኑግ ዘይት ጠንከር ተደርጎ የተለወሰ በሶ በመካከሉ ነው፤ ዘይቱ ያዘገየዋልና። ስለ ማርም አንድ ነገር እንጨምር። የአገራችን የሰቆጣ ማር መልካም ማር ነው፤ ነገር ግን ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ስለሆነ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ብርዝ ከስኳር ሻይ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ለስብሰባው የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ አስቀድሞ ቢቀርብ፣ ዳቦው ወይም እንጀራው ቢከተል፣ ሻዩም በአንድ ማንኪያ ስኳር ቢወሰን ይሻላል። ጥራጥሬው ቀድሞ ሲበላ ኋላ የሚመጣው ስታርች በዝግታ ይገባል። በቤትም ሽሮው ለእንጀራው ማጥቀሻ ብቻ ባይሆንና በርከት ብሎ ቢወጣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ለውጡን በሁለት ስብሰባዎች አነጻጽሮ ማየት ይቻላል። ድካሙ ከምግብ በፊት የነበረ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሌሊቱን በማኅሌት የቆመ ሊቅ ሲያንቀላፋ ዳቦውን መክሰስ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለጤነኞች ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ግን ሳይበሉ ሲቆዩ ስኳራቸው ከ70 ሚሊግራም በታች (በዴሲሊትር) ሊወርድ ይችላል፤ አደጋውም ከምግብ በፊት፣ ቅዳሴው ገና ሳያልቅ ሊደርስ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና የንግግር መዛባት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ንፍሮ ይዘገያል፤ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለውም ምግብ መስጠት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨመርበት በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን ስለምታቀልል፣ የነፍስ አባቶች ጾሙ ከመግባቱ በፊት የንስሐ ልጆቻቸውን የስኳር መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ቢጠይቁና የሚወስዱትን አስቀድመው ወደ ሐኪም ቢልኩ፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በጊዜው ይስተካከላል። መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ስኳሩን ወደ ሌላው ጫፍ ስለሚሰቅለው አይፈቀድም።