በግምት የሚተመን ንግድ

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። የቁጣው መነሻ በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተጣለው አዲስ ግብር ነበር።

በወቅቱ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ በደረጃ «ሐ» ይመደብ ነበር። መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት ገማቾች ሱቁን አይተው የቀን ሽያጩን ይተምኑለት ነበር። ለምሳሌ በቀን 1,500 ብር ከተገመተለትና 300 ቀን ከሠራ ሽያጩ 450 ሺህ ይሆን ነበር፤ ግምቱ 2,000 ከሆነ ግን 600 ሺህ ደርሶ መዝገብ መያዝ ግድ ወደነበረበት ደረጃ «ለ» ያልፍ ነበር። የ500 ብር ልዩነት ሕይወቱን ይቀይረው ነበር።

መደበኛ ያልሆነ ኢኮኖሚ የሚባለው እንዲህ ያለው ንግድ ብቻ አይደለም። ሕጋዊ ዕቃና አገልግሎት እየሸጡ ከነጭራሹ ፈቃድ ያላወጡ የጎዳና ነጋዴዎችንና የቀን ሠራተኞችንም ያቅፋል። ብዙዎቹ እዚያ የገቡት ግብር ለመሸሽ ሳይሆን ሌላ ሥራ አጥተው ነው። ግብርም ቢሆን ጨርሶ አያመልጣቸውም፤ የሚሸጡት ሳሙና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አስቀድሞ ተከፍሎ ይሆናል።

ችግሩን የሚያከርረው የደረሰኝ እጦት ነው። አከፋፋዩ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ፣ ቸርቻሪው መዝገብ ልያዝ ቢል እንኳ ወጪውን ማሳየት ስለማይችል ትርፉ ከእውነቱ በላይ ይታያል። ስለዚህ እሱም ያለ ደረሰኝ መሸጥን ይመርጣል። መንግሥት ገቢ ያጣል፤ ነጋዴውም ለባንክ የሚያቀርበው ሒሳብ አይኖረውም። ዕቁቡ ዕጣ ሲወጣለት ዕቃ ለመሙላት ይበቃል፣ ለዓመታት የሚከፈል የማሽን ብድር ግን አይሆንም።