ለሂተር የሚሆን ኤክስቴንሽን እንዴት እንምረጥ?

አምቦ ከተማ ቤት ተከራይተን የምንኖር ብዙዎቻችን በክፍላችን ያለን ሶኬት አንድ ነው። ለሱሁር ውሃ የምናፈላውም ሂተር የምንሰካውም በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው።

2000 ዋት የሚወስድ ሂተር እንያዝ። ዋቱን ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 9 አምፔር ይመጣል። የገመዱ ልባስ ላይ 0.75 ተብሎ ከተጻፈ ግን በውስጡ ያለው መዳብ የሚችለው ወደ 6 አምፔር ብቻ ነው። ገመዱ 10 ሜትር ቢሆን ወደ 38 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በራሱ ውስጥ ይፈጠራል። ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አየር ይወጣል፤ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን መውጫ ያጣና ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብሬከሩ ያድነናል ብለንም አንዘናጋ፤ 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር 9 አምፔር ሲያልፍበት ምንም አይመስለውም። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ ሙቀቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ለሂተሩም ይበቃል።

ለማረጋገጥ ሂተሩን ለግማሽ ሰዓት ካሠራን በኋላ ሶኬቱን ነቅለን ገመዱን በእጃችን እንዳስ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ ይዞ ለመቆየት የሚያቃጥል ከሆነ ቀጭን ነው። የሚሞቀው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ የላላ ነገር አለ።

ብየዳ ማሽን ሌላ ነው። ሙቀት የሚጨምረው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። ስለዚህ 25 አምፔር የሚስብ ማሽን በዚያው 1.5 ገመድ ላይ ቢሰካ ሂተሩ ከፈጠረው ከ7 እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈጥራል። ለእሱ ቢያንስ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ገመዱ ከረዘመ ቮልቱም ስለሚወርድ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል።