የድሬዳዋ ትንኝ በአንድ ገጽ

የፒኤችዲ ፕሮፖዛል ሠላሳም ሃምሳም ገጽ ሊሆን ይችላል። ገምጋሚው ግን በቅድሚያ የሚያየው የማጠቃለያዋን ገጽ ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ከእሷ አያልፍም። ገጿ የምትይዘው ሦስት ነገር ነው፦ ክፍተቱን፣ ጥያቄውንና ዘዴውን። ሦስቱን ለየብቻ መጻፍ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጥያቄው ከክፍተቱ፣ ዘዴውም ከጥያቄው እንዲወለድ ማድረግ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ድሮ የምትታወቀው በደቡብ እስያና በዓረቢያ ልሳነ ምድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ከነባሮቹ የሚለያት ከተማ መልመዷ ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታልና ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል።

በዚህ ላይ መሥራት የፈለገ ተማሪ የመጀመሪያ ረቂቁ ብዙውን ጊዜ «በዚህ ርዕስ በድሬዳዋ የተሠራ ጥናት የለም» ይላል። ይህ ክፍተት አይደለም። ማንም ያልደረሰበት ቀበሌ ሞልቷል፤ ያልተጠና መሆኑ ብቻ ሊጠና ይገባዋል አያሰኘውም። ክፍተት ማለት የሌሎች ዕውቀት የሚቆምበት ድንበር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታወቀውን መናገር ያስፈልጋል፦ እጮቹ በቤት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሚያድጉ ታውቋል። ቀጥሎ ድንበሩ ይመጣል፦ ለአንድ ቤት ውሃ በየስንት ቀኑ መድረሱ ከማጠራቀሚያው የሚበሩትን ትንኞች ብዛት ይለውጥ እንደሆነ አልተለካም እንበል። «እንበል» ያልኩት ለምሳሌ ስለሆነ ነው፤ ተማሪው ጽሑፎቹን ፈትሾ ሳያረጋግጥ ይህን ሊጽፍ አይችልም።

ድንበሩ ላይ መቆሙ የሚያዋጣው ግን መልሱ አስቀድሞ የማይታወቅ ሲሆን ነው። እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር በሞቃት አየር እንኳ ሳምንት ያልፈዋል። ውሃ በየሁለት ቀኑ የሚመጣለት ቤት በርሜሉን ቶሎ ቶሎ ስለሚያራግፍ እጩ ጊዜ አያገኝም ልንል እንችላለን። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣለት ቤት ደግሞ ያጠራቅማል። ነገር ግን ተቃራኒውም ያስኬዳል፤ ውሃ የራቀው ቤት ጠብታ ሳያስቀር ይጨርስና በርሜሉ ይደርቃል፣ ውሃ የማያጣው ግን ሳያራግፍ በላዩ ላይ ይሞላል። ሁለት አስተዋይ ሰዎች እንዲህ በተለያየ አቅጣጫ ሲገምቱ ጥያቄው እውነተኛ ነው ማለት ነው። በእኔ ግምት የማጠቃለያው ምርጥ አንቀጽ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን የወባን ዓለም አቀፍ ጉዳት ሲዘረዝሩ ቦታውን ይጨርሱታል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። «የውሃ አቅርቦት በወባ ስርጭት ላይ ያለው ተፅዕኖ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በድሬዳዋ ከተማ ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት መካከል ያለው ልዩነት ሲረዝም ከየቤቱ ማጠራቀሚያ የሚወጡት የስቴፈንሲ ትንኞች ይጨምራሉ ወይስ ይቀንሳሉ?» ሲባል ግን የሚለካው ነገር ተለይቷል። «ወባ» የሚለው ቃል መውጣቱንም ልብ በሉ። ተማሪው የሚቆጥረው ትንኝ እንጂ ታማሚ ካልሆነ፣ ታማሚ በጥያቄው ውስጥ መግባት የለበትም። የገጿን ጤንነት የምፈትሸው በዚህ ነው፦ በጥያቄው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር በዘዴው አንቀጽ ውስጥ ሲለካ ይታያል ወይ?

«ቅይጥ ዘዴ፣ መጠይቅና ቃለ መጠይቅ እጠቀማለሁ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ይህን ፈተና አያልፍም። እዚህ የሚያስፈልገው ውሃ በተለያየ ፈረቃ ከሚደርሳቸው ሰፈሮች ቤቶችን በዕጣ መምረጥ፣ በደረቁም በዝናቡም ወራት በተደጋጋሚ መጎብኘት፣ ዕቃው መቼ እንደተሞላና መቼ እንደተራገፈ መመዝገብ፣ እጮቹንና ከዕቃው የሚወጡትን ትንኞች መቁጠር ነው። እጮቹ ከሌሎች የወባ ትንኞች ጋር ስለሚምታቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳድጎ መለየት፣ ከፊሉንም በዘረመል ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል። አንድ አደጋ ደግሞ በግልጽ መጠቀስ አለበት፦ ውሃ በብዛት የሚደርሰው ሰፈር ሀብታሙ ሰፈር ከሆነ ልዩነቱ ከውሃው ይምጣ ወይም ከኑሮው አይታወቅም። ስለዚህ የቤቱ ዓይነት፣ የዕቃው ክዳንና የቤተሰቡ ብዛት አብረው ይመዘገባሉ፤ ኑሯቸው የሚቀራረብ ቤቶችም እርስ በርስ ይነጻጸራሉ።

ለመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች የሚተርፈው ጥናቱ የማይመልሰው ነው፦ ትንኙ በዛ ማለት ታማሚው በዛ ማለት እንዳልሆነ፣ ውጤቱም ቧንቧ በየቀኑ ለሚፈስበት ከተማ እንደማይሠራ። ተማሪዎች ይህን ለመጻፍ ይፈራሉ፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ገምጋሚው በመጀመሪያ የሚያነሳው እሱኑ ነው።